ለ3 ዓመት የሚቀመጥ 200,000 ብር፦ ቁጠባ፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወይስ ቦንድ?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከባሕር ዛፍ ሽያጭ 200,000 ብር አለኝ። ከ3 ዓመት በኋላ ቤት ልሠራበት ስለሆነ ብሩ የግድ በጊዜው እጄ መግባት አለበት።

ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ለቁጠባ 7 በመቶ፣ ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ 10 በመቶ አሉኝ። በቁጠባ ወለዱ በየዓመቱ ዋናው ላይ ቢደመር በ3 ዓመት ወደ 245,000 ይደርሳል። የጊዜ ገደቡ ግራ አጋባኝ። ለ3 ዓመት አንዴ ቢታሰርና ወለዱ በዋናው ብቻ ቢሰላ 260,000 ነው። በየዓመቱ ከነወለዱ እያደስኩ ብሄድ ግን 266,200 ይሆናል፣ ያውም ሳድስ ባንኩ የወለድ መጠኑን ከ10 በመቶ ዝቅ ካላደረገው። ይህ ሁሉ ታዲያ የወለድ ግብር ሳይቆረጥ ነው።

የሚያስጨንቀኝ መሐል ላይ ሰው ቢታመምብኝ ነው። ውሉ ከጊዜው በፊት ሲፈርስ ወለዱ ወደ ቁጠባ መጠን ይወርዳል ወይስ ጭራሽ ይቀራል? ውላችሁ ላይ ምን ተጽፏል? 150,000ውን አስሬ 50,000ውን ቁጠባ ላይ ልተወው ብዬም አስቤያለሁ።

የመንግሥት ቦንድ ደግሞ አጎቴ "መንግሥት አይክድህም" እያለ ይገፋፋኛል። እኔ የፈራሁት ክህደቱን ሳይሆን ጊዜውን ነው። የ5 ዓመት ቦንድ ብገዛ በ3ኛው ዓመት ማን ከእኔ ይገዛዋል? ቦንድ ከጊዜው በፊት የመለሰ ወይም አስይዞ የተበደረ ካለ፣ እባካችሁ ስንት እንደተቆረጠበት ይንገረኝ።