የሦስት ዓመት ቦንድ «ዱሬሽን 2.74» ማለት ምን ማለት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር ሒሳብ እይዛለሁ። ኮሚቴያችን መቶ ሺህ ብር በሦስት ዓመት ቦንድ ላይ ሊያውል እያሰበ ነው። ወለዱ 10 በመቶ ነው፣ በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ ዋናው ገንዘብ በሦስተኛው ዓመት ከመጨረሻው ወለድ ጋር ይመለሳል። የተላከልን ወረቀት ላይ «ዱሬሽን 2.74» የሚል አለ። ሰብሳቢያችን «ገንዘባችን በሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይመለሳል ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ የወለድ ለውጥን ጉዳት የሚለካ ቁጥር ነው ሲሉ አነበብኩ። ዓመት ነው ወይስ ፐርሰንት? ሐሙስ ስብሰባ ስላለን የምታውቁ እርዱኝ።

ቶፊቅ

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ሁለቱንም ነው። ገንዘብሽ በአማካይ የሚመለስበት ጊዜ 2.74 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ሰብሳቢው ብዙም አልተሳሳቱም። ፐርሰንቱ ደግሞ እንዲህ ነው፦ የገበያው ወለድ በአንድ ፐርሰንት ከጨመረ ቦንዱ 2.74 ፐርሰንት ይወርዳል። መቶ ሺው 97,260 ሆነ ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው።

ጡረተኛ ባንከር

ቶፊቅ መንገዱን ይዟል፤ ግን አንድ እርምጃ ዘሏል። ልጄ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና አብረን እንሥራው።

ከዚህ ቦንድ ሦስት ጊዜ ገንዘብ ይመጣል፤ የዛሬ ዓመት 10,000፣ በሁለተኛው ዓመት 10,000፣ በሦስተኛው 110,000። የዛሬ ዓመት የሚመጣ አሥር ሺህ ዛሬ አሥር ሺህ አያወጣም። በ10 በመቶ ሲታሰብ ለ1.10 ተካፍሎ 9,091 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይካፈልና 8,264 ይሆናል። የመጨረሻው ሦስት ጊዜ ተካፍሎ 82,645። ደምሪያቸው፣ መቶ ሺህ ይመጣል።

አሁን አንድ ረጅም አጣና በዓይነ ሕሊናሽ አስቢ። አንዱ ጫፍ ዛሬ ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ 9 ኪሎ ቡና ተንጠልጥሏል፣ ሁለት ክንድ ላይ 8 ኪሎ፣ ሦስት ክንድ ላይ 83 ኪሎ ጆንያ። አጣናው ሳያጋድል በአንድ ትከሻ ልትሸከሚው ብትፈልጊ ትከሻሽን የት ታደርጊዋለሽ? ከትልቁ ጆንያ ጠጋ ብለሽ፣ ሁለቱ ትንንሾቹ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚስቡሽ ከሦስት ክንድ ጥቂት አነስ አድርገሽ። ያ ቦታ ነው 2.74።

(1 × 9,091 + 2 × 8,264 + 3 × 82,645) ÷ 100,000 = 2.7355

ስለዚህ አዎ፣ ዓመት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ወደ ማህበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አይገባም። ዋናው ገንዘብ የሚመጣው በሦስተኛው ዓመት ብቻ ነው። ሰብሳቢውን ያሳሳታቸው «አማካይ» የሚለው ነገር ነው። አጣናው የሚመጣጠንበት ቦታ ላይ ጆንያ የለም።

ዓመቱ እንዴት ፐርሰንት ይሆናል ላልሽው፣ ካካፈልናቸው ቁጥሮች ተነሺ። የገበያው ወለድ 11 በመቶ ሲሆን የአንደኛው ዓመት ገንዘብ ለ1.11 አንድ ጊዜ ይካፈላል፣ አንዴ ተጎዳ። የሦስተኛው ዓመት ገንዘብ ሦስት ጊዜ ይካፈላል፣ ሦስት ጊዜ ተጎዳ። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ የሚደራረበው ለዚህ ነው፣ የጉዳቱም አማካይ የዕድሜው አማካይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቶፊቅ የዘለለው ይህችን ነው፦ 1.10 ወደ 1.11 ሲያድግ የጨመረው ሙሉ አንድ በመቶ አይደለም፣ 0.91 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 2.7355ን ለ1.10 እናካፍላለን፣ 2.487 ይመጣል። ለዋጋ የምንጠቀምበት ይኸኛው ነው፤ የተሻሻለ ዱሬሽን ይሉታል።

ወለድ አንድ በመቶ ቢጨምር ቦንዱ 2.487 በመቶ ይወርዳል ብለን ገመትን፣ 97,513 ብር። እውነተኛውን ዋጋ በ11 በመቶ እንደገና አስይው፦ 9,009 + 8,116 + 80,431 = 97,556። ግምታችን የሳተው 43 ብር ብቻ ነው።

ቶፊቅ

ልክ ኖት ጋሼ፣ ማካፈሉን ረስቼዋለሁ። ግን 43 ብሩ ከየት መጣ? ሒሳብ ከሆነ እኩል መምጣት ነበረበት።

ጡረተኛ ባንከር

ጥሩ ጠየቅህ። ዱሬሽን ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የቦንድ ዋጋ ግን እየታጠፈ የሚሄድ መስመር ነው። ለትንሽ ለውጥ ሁለቱ ተጣብቀው ይሄዳሉ። ለትልቅ ለውጥ ይለያያሉ። ወለድ ከ10 ወደ 15 ቢዘል ዱሬሽን በአምስት እጥፍ አብዝቶ 12.4 በመቶ ይወርዳል ይልሃል፣ ማለትም ወደ 87,566 ብር። በትክክል ስታሰላው ግን ዋጋው 88,584 ነው። አሁን ልዩነቱ ከሺህ ብር በላይ ሆነ። ወለድ ሲጨምር ጉዳቱን አጋንኖ ይነግርሃል፣ ወለድ ሲቀንስ ደግሞ ትርፉን አሳንሶ። ለአንድ በመቶ እመነው፣ ለአምስት በመቶ ግን ቁጭ ብለህ ዋጋውን እንደገና አስላ።

የጅሬን እናት

እኔም ጥያቄ አለኝ። እኛ መሥሪያ ቤት ከደመወዛችን እየተቆረጠ የህዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተን ነበር። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ቤቴ ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ወለድ ጨምሯል ሲባል እሰማለሁ። እንግዲህ የኔም ቦንድ ዋጋው ወረደ ማለት ነው?

ዮኒ

እትዬ፣ አይጨነቁ። እዚህ የሚወራው ቦንዱን ከጊዜው በፊት ለሌላ ሰው ለመሸጥ ቢያስቡ ምን ያህል ያወጣል የሚለው ነው። እስከ መጨረሻው ከያዙት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብርና ወለዱ ነው የሚከፈልዎት፤ የገበያው ወለድ ወጣ ወረደ ያ አይለወጥም። የመክፈያው ቀን አልፎ ከሆነ ግን ወረቀቱን ይዘው ወደ ገዙበት ባንክ ይሂዱ፣ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ።

ለጠያቂዋ፦ በእጅ ማስላት ለመማር ጥሩ ነው፤ ለኮሚቴ ግን ኤክሴል ይበቃል። እኔ ይህን ጻፍኩ፦

```
=MDURATION(DATE(2025,1,1),DATE(2028,1,1),10%,10%,2)
```

2.54 ሰጠኝ እንጂ 2.487 አላለም። ጋሼ፣ የእርስዎ ሒሳብ ላይ ስህተት ይኖር ይሆን?

ጡረተኛ ባንከር

ዮኒ፣ መጨረሻ ላይ የጻፍካትን 2 ተመልከት። ወለዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈላል ብለህ ነው የነገርከው። የእሷ ቦንድ በዓመት አንዴ ነው የሚከፍለው፣ 1 አድርገው፣ 2.487 ይሰጥሃል። በየስድስት ወሩ ለሚከፍል ቦንድ ግን 2 ትክክል ነበር። ሁለት ሰዎች ለአንድ ቦንድ የተለያየ ዱሬሽን ይዘው ሲከራከሩ መጀመሪያ የማየው ይህችን ቁጥር ነው።

ከዚህ በላይ ለማህበሩ የሚጠቅም ግን ሌላ ነገር አለ። ልጄ፣ ገንዘቡን መቼ ትፈልጉታላችሁ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባሎቻችን ብዙዎቹ ቡና የሚለቅሙና የሚነግዱ ናቸው። በለቀማ ጊዜ ያስቀምጣሉ፣ መስከረም ላይ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ ተሰልፈው ያወጣሉ። ያለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ከቁጠባው ሲሶ የሚሆነው ወጥቶብናል።

ጡረተኛ ባንከር

እንግዲያው ይህንን ለኮሚቴው በደንብ አስረጂ። ቦንዱን 2.74 ዓመት ያህል ብትይዙት የወለድ ለውጥ ብዙም አይነካችሁም። ወለድ ሲጨምር የቦንዱ ዋጋ ይወርዳል፣ በየዓመቱ የምትቀበሉትን አሥር ሺህ ግን በተሻለ ወለድ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። ሁለቱ በዚያ ነጥብ ላይ ይካካሳሉ። አስልቼዋለሁ፦ ወለድ 10 ላይ ቢቆይ በ2.7355 ዓመት መቶ ሺው ወለዱ ተደምሮበት 129,787 ብር ገደማ ይሆናል። ቦንዱ በተገዛ ማግስት ወለድ ወደ 11 ቢዘል፣ 97,556 ላይ ቢወርድም በዚያው ቀን 129,789 ገደማ ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ሁለት ብር ነው። የአጣናው ሚዛን ያልኩሽ በገንዘብ ሲታይ ይህ ነው።

እናንተ ግን መስከረም ላይ ልትሸጡት ከሆነ ያ ማካካሻ ገና አልደረሰም። ጉዳቱን ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 አሜሪካ ውስጥ ሲሊከን ቫሊ ባንክ የወደቀው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ገንዘቡን ዕድሜያቸው ረዘም ባሉ ቦንዶች ላይ አድርጎ ነበር፣ አስቀማጮቹ ግን በፈለጉት ቀን ማውጣት ይችሉ ነበር። ወለድ ጨመረ፣ ቦንዶቹ ረከሱ፣ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ሸጦ 1.8 ቢሊዮን እንደከሰረ ሲናገር ሰዎች በአንድ ጊዜ ጎረፉበት። ቦንዶቹ በአብዛኛው የመንግሥት ወይም መንግሥት የሚደግፋቸው ነበሩ፤ ችግሩ የከፋይ እጥረት አልነበረም።

ኮሚቴው በኋላ የአሥር ዓመት ቦንድ ቢቀርብለት ደግሞ፣ በዚሁ በ10 በመቶ ወለድ የተሻሻለው ዱሬሽን 6.14 ገደማ ነው። ወለድ አንድ በመቶ ቢጨምር ከመቶ ሺው ስድስት ሺህ ብር ያህል ይወርዳል። ለመስከረም ገንዘብ ይህ አይሆንም። የመስከረሙን ገንዘብ በአጭር ጊዜ አስቀምጡ፣ የግምጃ ቤት ሰነድም ይሁን የጊዜ ገደብ ቁጠባ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የማትነኩትን ብቻ ወደ ቦንዱ አስገቡ።

ቶፊቅ

ጋሼ፣ እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር ቦንድ ገና በየቀኑ አይሸጥም አይገዛም። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ታዲያ «የገበያው ወለድ 11 ሆነ» የምንለው የትኛውን ወለድ ነው? የብሔራዊ ባንክን ነው? የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታውን ነው? ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ነው?

ጡረተኛ ባንከር

እኔ ብሆን ዕድሜው ለቦንዱ የሚቀርበውን የመንግሥት ሰነድ የመጨረሻ ጨረታ ውጤት እወስዳለሁ። ነገር ግን ሁሉም ባንከር በዚህ አይስማማም፤ ገዢ በሌለበት የሚሰላ ዋጋ ዋጋ አይባልም የሚሉ አሉ፣ እነሱም ነጥብ አላቸው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ወረቀቱን ዛሬ ማታ ለሰብሳቢው አሳየኋቸው። አጣናውን በክብሪት እንጨትና በሦስት ክምር የቡና ፍሬ ሠራሁላቸው፣ ቶሎ ገባቸው። አሁን የሚጠይቁኝ ከመቶ ሺው ስንቱ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የማንነካው የሚለውን ነው። ያለፉትን አራት ዓመታት የመስከረም ወጪ እያወጣሁ ነው፣ ቁጥሩን ሳገኝ እዚሁ እጽፋለሁ።