P2₁/c ላይ ግማሿ ከየት መጣች?

እባካችሁ፣ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄያለሁ። የP2₁/c ክሪስታል ስፔስ ግሩፕን አጠቃላይ ቦታዎች ከምልክቱ ብቻ ተነስቼ ላወጣ እየሞከርኩ ነው። 2₁ በb አቅጣጫ ያለ የስክሩ አክሲስ ነው፤ 180 ዲግሪ አዙሮ በb ግማሽ ይገፋል። c ደግሞ ለb ቀጤ ነክ የሆነ የግላይድ ፕሌን ነው፤ yን ገልብጦ በc ግማሽ ይገፋል። ሁለቱንም በኦሪጅኑ አሳለፍኳቸው፦

```
2₁:  -x, y+1/2, -z
c:    x, -y, z+1/2
```

አንዱን ከሌላው አስከትዬ ስሠራ -x, -y+1/2, -z+1/2 መጣ። ኢንቨርሽን መሆኑ ገብቶኛል፤ ማዕከሉ ግን 0, 1/4, 1/4 ላይ ነው። የስፔስ ግሩፑ ሠንጠረዥ የሚለው ሌላ ነው፦

```
x, y, z
-x, y+1/2, -z+1/2
-x, -y, -z
x, -y+1/2, z+1/2
```

ስክሩው z ላይ፣ ግላይዱ y ላይ አንዳንድ ግማሽ ተጨምሮባቸዋል። መጀመሪያ የሕትመት ስህተት መስሎኝ ነበር (ድፍረቴ!)። በኋላ ኦሪጅኑን ወደዚያ ማዕከል ሳዛውረው አራቱም ቁጭ አሉ።

ታዲያ ምልክቱ አክሲሱና ፕሌኑ የት ጋ እንደሚያልፉ አይናገርም ማለት ነው? የኢንቨርሽን ማዕከል በሌለው P2₁2₁2₁ ላይስ ኦሪጅኑን በምን ልወስን? ሦስቱን አክሲሶች በአንድ ነጥብ ሳሳልፋቸው ውጤቱ አይገጥምልኝም።