ተረቱን ነገርኩ፤ ታማኝነትን ግን በምን ልመዝን?

ሰላም መምህራን፣ የሁለተኛ ክፍል ግብረ ገብ አስተምራለሁ። ምዘናው ላይ ተቸግሬያለሁና እርዱኝ።

ለታማኝነት የመረጥኩት ተረት አምስት ደቂቃ አይሞላም። አንዲት ልጅ የጓደኛዋን እርሳስ ሳታስበው ትሰብራለች፤ ያየ ሰው የለም። ጓደኛዋ መጥታ «ማን ሰበረው?» ስትል ተረቱን እዚያው አቋርጣለሁ፤ መጨረሻውን ከነገርኳቸው እሱኑ ይደግሙልኛል እንጂ አያስቡም።

«መዋሸት ጥሩ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይደለም!» ይላል። ይህ የሚያሳየው መምህር ምን መስማት እንደሚፈልግ ማወቃቸውን ብቻ ነው። «ለምን መናገር አለባት?» ስል ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ «ከተደረሰባት ትቀጣለች» ይላል፤ ሌላዋ «ጓደኛዋ ሌላ ልጅ ትጠረጥራለች» ትላለች። የመጀመሪያው ቅጣትን መፍራት ነው፣ ሁለተኛው ለሰው ማሰብ። ልዩነቱን እመዘግባለሁ። ሆኖም በዚህ መንገድ ሁልጊዜ የሚበልጠው አንደበተ ርቱዑ ልጅ ነው፤ በጨዋታ ሰዓት ጥፋቱን ሳይጠየቅ የሚናገረው ዝምተኛ ግን ዝቅ ይላል።

ስለዚህ በቀን አምስት ልጆችን ብቻ እየተመለከትኩ ያየሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ «ታማኝ ነው» ሳይሆን «የወደቀ ላጲስ አንስቶ ባለቤቱን ፈለገ» ብዬ። እንደማየው ካወቀ ደግሞ ለእኔ ብሎ ያደርገዋል።

አንድን ልጅ በስንት የተለያየ አጋጣሚ ካየሁ በኋላ ነው «አዘውትሮ ያደርጋል» ብዬ መጻፍ የምችለው? ምክንያቱንና ምግባሩን በአንድ ውጤት ላጣምር ወይስ ለየብቻ ላስቀምጥ? እኔ ወደ መለየቱ አደላለሁ፤ ወላጅ እንዲገባው አድርጋችሁ የጻፋችሁት ናሙና ካለ አካፍሉኝ።