ሱፐርፖዚሽን፦ መደራረብ፣ ድምር ወይስ ንብብር?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ለግንባታ ተማሪዎች በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ፣ ብዙ ጭነት በአንድነት ያረፈበት ቢም ምን ያህል እንደሚረግብ የሚሰላበትን የሱፐርፖዚሽን ዘዴ «መደራረብ» ብዬ ጻፍሁት። አንድ ተማሪ ግን ጭነቶቹ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለሉ መሰለው። የተሻለ ቃል ብትጠቁሙኝ።

ከአንኮበር፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ጭነቶች ሲተባበሩ ይበረታሉና «ኅብረት» ቢባልስ?

መሐንዲስ አባል፦ ተረቱ ተቃራኒውን ይናገራል። የድሮቹ ኅብረት ከየብቻ ጉልበታቸው ድምር ይበልጣል፤ የዚህ ዘዴ መሠረት ግን አንዱ ጭነት የሌላውን ውጤት አለመለወጡ ነው። በሁለት ጫፉ ብቻ የተደገፈ 4 ሜትር ቢም እንውሰድ፤ መርገብን የሚቋቋምበት ግትርነቱ EI = 2000 kN·m² ይሁን። በሙሉ ርዝመቱ የተዘረጋው 6 kN/m ብቻውን መሐሉን 5wL⁴/384EI፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ያረግበዋል። መሐሉ ላይ የተቀመጠው የ12 kN የውሃ ታንከር ደግሞ ብቻውን PL³/48EI፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር ያረግበዋል። ሁለቱ አብረው ሲያርፉ ርግበቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው።

ሌላ አባል፦ እንግዲያው የየጭነቱ ከፍተኛ ርግበት ይደመራልና «ድምር» ይበቃል።

መሐንዲስ አባል፦ ቃሉን እቀበላለሁ፣ ምክንያቱን ግን አልቀበልም፤ የሚደመረው በአንድ ነጥብ ላይ ያለው ርግበት ነው። ታንከሩን ከአንዱ ድጋፍ 1 ሜትር ላይ ብናስቀምጠው፣ የራሱ ከፍተኛ ርግበት ከመሐል 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታንከሩ ይጠጋል። እዚያ 5.59፣ መሐል ላይ 5.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስሕተቱ እዚህ አይታይም። ቢሙ ከድጋፉ አልፎ የወጣ ጫፍ ካለውና ጭነት እዚያ ካረፈ ግን መሐሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያንን ሳይቀንስ የደመረ ሰው የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

ከመንዝ፦ እኔ ዘንድ ድምሩ አልሠራም። በእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ ቆጥ ላይ ገብስ በጆንያ አስቀምጬ ነበር፤ ምንም ሳልጨምርበት በዓመቱ የበለጠ ረገበ፣ ጆንያዎቹ ሲነሡም አልተቃናም።

መሐንዲስ አባል፦ የእርስዎ ጉዳይ የዘዴውን ወሰን ያሳያል። እርጥብ እንጨት በቆየበት ጭነት ሥር ቀስ በቀስ ይረግባል፤ እኔ ያሰላሁት ጭነቱ ባረፈበት ቅጽበት ያለውን ብቻ ነው። ጭነቱ ሲነሣ ወደ ቦታው የማይመለስ ቢም በዚህ ድምር አይታመንም።

ከአንኮበር፦ ተረቴን ትቻለሁ። ሆኖም «ድምር» ቁጥሩን እንጂ ቅርጹን አይነግረንም። የየጭነቱ የረገበ መስመር በስስ ወረቀት ተሥሎ አንዱ በሌላው ላይ ሲነጠፍ፣ ልክ እንደ አነባበሮ ነው፤ ስለዚህ «ንብብር» ብንለው?

ጠያቂ፦ ለመስመሮቹ «ንብብር» ያምራል፤ ነገር ግን የሁለት እንጀራ ውፍረት ሁልጊዜ ይጨምራል፣ ወደ ላይ የሚነሣውን ርግበት ግን መቀነስ አለብን። ለጊዜው «የርግበቶች ድምር» ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚቃወም ካለ እጠብቃለሁ።