ልጄ እሸት ባቄላ በልቶ ሽንቱ ጠቆረ፤ የጂ6ፒዲ ምርመራው ግን «ጤነኛ» ይላል

ሰናይት፣ አዳማ (ጠያቂ)

የ4 ዓመት ልጄ በጥቅምት አያቶቹ ጋር ሄዶ እሸት ባቄላ ከማሳው እየፈለፈለ ጥሬውን ጠግቦ በላ። በሁለተኛው ቀን ሽንቱ ጥቁር ሻይ መሰለ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ከንፈሩ ነጣ። ሆስፒታል ስንደርስ ሄሞግሎቢኑ 4.8 ነበር፤ ደም ተሰጥቶት ዳነልኝ። ከሳምንት በኋላ ጂ6ፒዲ የተባለውን የደም ኢንዛይም የሚለካ ምርመራ ተደርጎለት «ጤነኛ ነው» ተባልን። አባቴ የመናዊ ነበሩ፤ ባቄላ ያማቸዋል ይባል ነበር፣ አፋቸውም አያደርሱም ነበር። ባለቤቴ ግን የሸዋ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ባቄላ ሲበላ ነው የኖረው። ልጁም ከዚህ በፊት ፉል በልቶ ምንም አልሆነም። ታዲያ ባቄላው ነው ወይስ አይደለም? ሽሮስ ላብላው?

ተፈራ

ልጄ ሰናይት፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ። ይህ የጓያ ነገር ይመስለኛል። በእኛ አገር ችግር በመጣ ጊዜ ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይታሰር ነበር። ማሳው ላይ ከባቄላው ጋር ተቀላቅሎ በቅሎ እንደሆነ አያቶቹን ጠይቂ። ጓያ ሲዘፈዘፍና ውኃው ሲደፋ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ማርታ፣ የደም ላብራቶሪ ባለሙያ

አቶ ተፈራ፣ ጓያ የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት አብዝቶ የበላውን ማንኛውንም ሰው ሊያገኘው ይችላል። ሽንት አያጠቁርም፣ ዓይንም ቢጫ አያደርግም።

ወይዘሮ ሰናይት፣ የነገሩን ሁሉ ወደ ባቄላው ያመለክታል። ባቄላ ውስጥ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚበዙትም በእሸቱ ነው። አንጀት ውስጥ ሲፈርሱ የሚወጣው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫል። እስከዚህ ድረስ ባቄላ በበላ ሰው ሁሉ የሚሆን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ይህን የሚያከሽፍበት ግሉታታዮን አለው፤ ግሉታታዮን ግን ሥራውን በሠራ ቁጥር ካልታደሰ ያልቃል። እንዲታደስ የሚያስችለው ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ነው። ሌሎች የሰውነት ሕዋሳት ኢንዛይሙ ቢያንሳቸውም ሌላ መንገድ አላቸው፤ ቀይ ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ ስለሌለው መንገዱ ይህ አንዱ ብቻ ነው። ኒውክለስም ስለሌለው ኢንዛይሙ ሲያረጅ ሌላ መሥራት አይችልም። ኢንዛይሙ ባነሰው ሰው ግሉታታዮኑ ሲያልቅ ሄሞግሎቢኑ ይበላሽና እየተቋጠረ ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ጣፊያ ያን የተቋጠረውን ክፍል ስትነቅለው ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ጠርዙ የተነከሰ ሆኖ ይታያል። ከፊሉም እዚያው ደም ሥር ውስጥ ይፈነዳል፤ ሽንቱን ያጠቆረው ከፈነዱት የፈሰሰው ሄሞግሎቢን ነው። አንድና ሁለት ቀን መዘግየቱም የዚህ ሕመም ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ልጁ የተመረመረው ደም ከተሰጠው በኋላ ነው። ስለዚህ ከተለካው ደም ብዙው የለጋሹ ነው፤ የለጋሹ ኢንዛይም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው። የራሱ ቢሆን እንኳ ኢንዛይም ያነሳቸው አሮጌዎቹ ሕዋሳት ቀድመው ጠፍተዋል፤ የቀሩትና በጥድፊያ የተሠሩት ወጣቶቹ የተሻለ ኢንዛይም ይዘዋል። ውጤቱ የውሸት «ጤነኛ» ሊሆን ይችላል። ደም ከተሰጠው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ደም ሳይሰጠው፣ ኢንዛይሙን በቁጥር የሚለካው ምርመራ ይደገምለት። እስከዚያ ድረስ የኢንዛይም እጥረት እንዳለበት ልጅ ይያዝ።

ጽጌ፣ ጂዳ

የምሠራበት ቤት ልጅ ይህ አለበት፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ። በዘር የሚወርድ ነው፤ መጀመሪያ የልጁን አባት አስመርምሪ፣ ከዚያ ወንድሞችሽን። ባቄላውን ደግሞ በደንብ ቀቅለሽ ውኃውን ከደፋሽው ምንም አያደርገውም።

ማርታ

እህት ጽጌ፣ በዘር መውረዱ ልክ ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። የኢንዛይሙ ዘረመል ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የባለቤታቸው ወገን ባቄላ መብላት አለመብላቱ ለዚህ ልጅ የሚለውጠው ነገር የለም። የወይዘሮ ሰናይት አባት ችግሩ ከነበረባቸው ለሴት ልጆቻቸው ሁሉ አስተላልፈዋል፤ ወንዶቹ ልጆቻቸው ግን ከእርሳቸው አልወረሱም። መመርመር ያለባቸው እህቶቻቸውና የእህቶቻቸው ልጆች ናቸው።

መቀቀሉም ቪሲንን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለዚህ ልጅ ባቄላ በእሸቱም፣ በንፍሮም፣ ተቆልቶም፣ በፉልም ይቅርበት።

ኦሞድ፣ ጋምቤላ (የጤና ጣቢያ ሠራተኛ)

እኔ ይህን የማየው በባቄላ ሳይሆን በወባ መድኃኒት ነው። ቫይቫክስ ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር ፕሪማኪን ለ14 ቀን ይሰጣል። አንድ ወጣት በአራተኛው ቀን ሽንቱ ጠቁሮ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት መጣ። መድኃኒቱን አቁመን ላክነው፤ ሄሞግሎቢኑ 11 የነበረው 7 ሆኖ ነበር። ደም ሳይሰጠው በሦስተኛው ሳምንት አገገመ። ፕሪማኪንም ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ እንደ ባቄላው ያንኑ ግሉታታዮን ያስጨርሳል። አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የኢንዛይም እጥረት ዓይነት ግን ቀለል ይላል፤ አሮጌዎቹ ሕዋሳት ከረገፉ በኋላ ወጣቶቹ ይቋቋማሉ። የየመኑ ወገን ከባዱ፣ የሜዲትራኒያኑ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ወጣቶቹም ደካሞች ናቸው።

እህቴ፣ ልጅሽ ቫይቫክስ ቢይዘው ለሐኪሙ አስቀድመሽ ተናገሪ። ኢንዛይሙ ለሚያንሰው ሰው በኪሎ 0.75 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ8 ሳምንት፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጥበት መንገድ አለ። ለሥጋ ደዌ የሚሰጠውን ዳፕሶን፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚታዘዘውን ናይትሮፉራንቶይን፣ ሜቲሊን ብሉን ደግሞ በካርዱ ላይ አስጽፊ። ልብስ ብል እንዳይበላው ሳጥን ውስጥ የሚጣለውን ናፍታሊን ከቤት አውጪ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልኩ ችግር የለውም።

ሰናይት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱን ነገ አስጽፋለሁ። ግን ፉሉ አልገባኝም፤ ያኔ ለምን ዝም አለ? ደግሞም የሦስት ወር ሴት ልጅ አጠባለሁ።

ማርታ

ፉሉ የደረቀ፣ የተዘፈዘፈና ብዙ ሰዓት የተቀቀለ ባቄላ ነው፤ የበላውም ምናልባት ጥቂት ማንኪያ ይሆናል። እሸቱን ግን ጥሬውን ጠግቦ ነው የበላው። ይህ ብዙውን ያስረዳል፣ ሁሉንም ግን አያስረዳም፤ ኢንዛይሙ አንሷቸው ባቄላ እየበሉ አንድም ቀን ሳይታመሙ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ያው ሰውም አንድ ጊዜ ታሞ ሌላ ጊዜ ምንም ላይሆን ይችላል። ማን መቼ እንደሚታመም አስቀድሞ የሚናገር ምርመራ የለንም።

ሕፃኗንም ያስመርምሩ። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት ብዙውን ጊዜ ይቀልላታል እንጂ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለችም። ውጤቷ እስኪታወቅ ባቄላውን እርስዎም ይተዉት፤ በጡት ወተት አልፎ ሕፃን ያሳመመበት ጊዜ አለ።

ሽሮ በሽንብራና በአተር ይችላል፤ ምስርም ይችላል፤ ቪሲን የባቄላ ነው። የገበያ ሽሮ ግን ባቄላ ስለሚቀላቀልበት እህሉን ራስዎ ገዝተው ያስፈጩ።

ጽጌ፣ ጂዳ

የስልጆውንስ ነገር ማን ያውቃል? ባቄላው ቀናት ሙሉ ሲብላላ ቪሲኑ አይጠፋም?

ማርታ

መብላላት እንደሚቀንሰው ይታወቃል። በቤት በተሠራ ስልጆ ምን ያህል እንደሚቀር ግን የተለካ ቁጥር አላየሁም፤ ለልጁ አልሰጥም።