የላይትኒንግ ማይክ በአይፎን 15 ላይ አልሠራ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ከአይፎን 11 ወደ አይፎን 15 ቀየርኩ። ቻርጁ አላስቸገረኝም፤ የድሮው ቻርጀር ራስ በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ዝግ እያለም ቢሆን ይሞላል።

የቸገረኝ የመንዝ በግ አርቢዎችን የምቀዳበት የደረት ማይክ ነው፤ ጫፉ ላይትኒንግ ነው። ከገበያ ትንሽ አዳፕተር ገዝቼ ሰካሁት። በዚያው አዳፕተር የድሮው ገመድ ቻርጅ ያደርጋል፣ ድምፅ ግን የለም። ቮይስ ሜሞስን ከፍቼ ማይኩን በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው መስመሩ አይንቀሳቀስም፤ ስልኩን ስነካው ግን ይዘላል። ስለዚህ የሚቀዳው የስልኩ የራሱ ማይክ ነው። እንደገባኝ እንዲህ ያለው ርካሽ አዳፕተር ኤሌክትሪክ ብቻ ያሳልፋል፤ የላይትኒንግ ዕቃ ደግሞ ከስልኩ ጋር በዲጂታል ካልተነጋገረ አይነሳም።

አፕል ራሱ የሚሸጠው ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ላይትኒንግ አዳፕተር ድምፅና ዳታም ያሳልፋል ይባላል። በእሱ ማይክ የቀዳ አለ? ወይስ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ማይክ ገዝቼ በዩኤስቢ-ሲ የጆሮ ማዳመጫ አዳፕተር ልሰካ? እሱም ውስጡ የድምፅ መቀየሪያ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ባዶ ሽቦ የሆነው አይፎን ላይ አይሠራም። ማሸጊያውን አይቼ በምን ልለየው? አዲስ አበባ ሰው ልልክ ስለሆነ ቶሎ ብትነግሩኝ።