86 ሺህ ተከታይ ወይስ የግቢያችን ልጅ?

ባለሽሮዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦ እኔና እህቴ ሽሮ እያሸግን መሸጥ ልንጀምር ነው። የምናደርሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚያስተዋውቁልን ሁለት ሰዎች አግኝተናል። አንዷ 86 ሺህ ተከታይ አላት፣ 20 ሺህ ብር ጠየቀች። ሌላዋ እዚሁ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ናት፤ ተከታዮቿ 4 ሺህ፣ ክፍያዋ 3 ሺህ ብር። እህቴ ትልቋን ትላለች። እናንተስ?

ባለሱቁ (ገላን)፦ ትልቋ ናት እንጂ! ሰው ሱቄ መጥቶ የሚጠይቀኝ ስሙን የሰማውን ዕቃ ነው። ያልሰማውን መደርደሪያ ላይ እያየው ያልፈዋል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ላይኩን ለተከታዩ አካፍይው። ለ4 ሺህ ተከታይ 300 ላይክ ማለት 7.5 በመቶ ነው። 86 ሺዋ 1,700 ላይክ ብታገኝ 2 በመቶ አይሞላም። አለቀ።

ማስታወቂያ የሠራሁ፦ አላለቀም ወንድሜ። ትንሽ አካውንት በመቶኛ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ላይክ የሚያደርገው ዘመድና ጎረቤት ነዋ። ላይክ ደግሞ ይገዛል። እህቴ፣ የሁለቱንም የመጨረሻ 11 ቪዲዮዎች ቪው ወረቀት ላይ ጻፊ። አንድ ቪዲዮ በአጋጣሚ 200 ሺህ ገብቶ ከሆነ አማካዩ ያታልልሻል፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪና መሃል ላይ ያለውን ውሰጂ። ከዚያ ተመልካቾቻቸው የት አገር እንዳሉ ጠይቂ፤ ቲክቶክ ለአካውንቱ ባለቤት ያሳያል። ስክሪንሾት አትቀበይ፣ የቆየ ወይም የተነካካ ሊሆን ይችላል። ስልካቸውን ከፍተው ፊትሽ ያሳዩሽ።

የኮዬዋ እናት፦ እኔ በርበሬ እሸጣለሁ። ለአንዷ 8 ሺህ ብር ከፈልኩ። ቪዲዮው ላይ ላስቲኩን እንኳን አልከፈተችውም፣ በእጇ ይዛ ፈገግ አለች፣ በቃ። በሳምንቱ የሌላ ሰው በርበሬ ይዛ «እንደዚህ ዓይነት ቀምሼ አላውቅም» አለች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ለመሆኑ የራሴን ተከታይ እንዴት ነው የማበዛው?

ማስታወቂያ የሠራሁ፦ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው እናቴ፣ ግን ያሉት ነገር ትልቅ ምልክት ነው። ከመክፈል በፊት ወደኋላ ሄዶ ማየት ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ስንት ዕቃ አስተዋውቃለች? ያመሰገነችው ዕቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩሽናዋ ውስጥ ይታያል ወይስ ጠፍቷል?

ባለሽሮዋ፦ ተመልሻለሁ፣ ሁለቱንም ጠየቅኩ። የትልቋ መሃለኛ ቪው 5,200 ነው፤ ሳዑዲ አንደኛ፣ ኤምሬትስ ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ 21 በመቶ። የትንሿ 1,900 ነው፣ 88 በመቶው ኢትዮጵያ። ስናሰላው አገር ውስጥ ትልቋን 1,100 ያህል ሰው ያያታል፣ ትንሿን 1,670 ያህል። ኮመንቱ ደግሞ ይለያያል። ትልቋ ጋ ልብና «ውይ ስታምሪ» ነው። ትንሿ ጋ «ስንት ነው?»፣ «የቱ ብሎክ ጋ ነው የሚሸጡት?» ይላሉ፣ እሷም ትመልሳለች። አንድ ቪዲዮዋ ላይ ጤፍ እየነፋች በመሃል ቆም ብላ በመዳፏ አሸዋውን አሳየች፣ «ይሄን በዚህ ዋጋ አትግዙ» አለች። እኔ እዚያ ጋ አመንኳት።

ባለሱቁ፦ ቆይ ግን። የእኔ እህት ጅዳ ናት። እዚያ ያየችውን ዕቃ ለእናታችን ደውላ «ይሄን ግዙ» ትላለች፣ ብሩንም የምትልከው እሷ ናት። ሳዑዲ ስላሉ አይገዙም ማለት አይቻልም።

ማስታወቂያ የሠራሁ፦ ልክ ነህ፣ እሱን አልክድም። ግን እናትህ ገላን ባይሆኑና ደሴ ቢሆኑስ? ሽሮው የሚደርሰው እስከ ባጃጁ መንገድ ድረስ ነው። ለማንኛውም በግምት አንጣላ። ትንሿ የራሷ የትዕዛዝ ስልክ ቁጥር ይሰጣት፣ የደወለ ሁሉ «ከማን ሰሙ?» ይባል። አንዴ የገዛውን ሳይሆን በወሩ ደግሞ የደወለውን ቁጠሩ። ሽያጩ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሰፋ ትልቋን ያን ጊዜ ሞክሯት።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የኔ መቶኛ እኮ ትንሿን ነበር የመረጠው።

ማስታወቂያ የሠራሁ፦ መርጧል፣ ግን አሸዋውን አላየም።

ባለሽሮዋ፦ ዛሬ ማታ አንድ ኪሎ እናደርስላታለን፣ ሳትከፈል ሳምንት ሙሉ ትሥራበት። አንድ ነገር ላይ ግን ከእህቴ ጋር አልተስማማንም። «ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል» ካለች ቪዲዮው ላይ ይውጣ?

ባለሱቁ፦ ኧረ አይውጣ! ከፍለሽ ስምሽን ታስጠፊያለሽ?

የኮዬዋ እናት፦ ይውጣ ልጄ። ያቺ የኔዋ አንድ ጉድለት ብትናገር ኖሮ ሰው ባመናት ነበር።

ባለሽሮዋ፦ እህቴ አሁንም አይሆንም እያለች ነው። ሽንኩርቱን ግን ከአሁኑ ልትቀንሰው ተነስታለች።